ሰባት ሰው፣ ሁለት ቪትዝ፣ አዲስ አበባ – ሐዋሳ – አርባ ምንጭ 4 ቀን፦ መዋጮው ስንት ይሁን?

ገንዘብ ያዧ
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሰባት ጓደኛሞች ነን፤ አራት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ሐሙስ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተን ሐዋሳ አንድ ሌሊት፣ አርባ ምንጭ ሁለት ሌሊት አድረን እሑድ በሶዶ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርገን ልንመለስ ነው። ሁለት ቪትዝ አለን። እኔ ሳልጠየቅ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ፤ የተመረጥኩትም ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩ ነው።

ያወጣሁት ሒሳብ ይሄ ነው። ካርታው ላይ ዙሩ ጠቅላላ 985 ኪሎ ሜትር ይላል። ቪትዟ በሊትር 18 ትሄዳለች ብለውኛል፤ ስለዚህ ለአንድ መኪና 55 ሊትር፣ ለሁለቱ 110። ለሒሳብ እንዲቀለኝ ሊትሩን 130 ብር አልኩት፣ 14,300 መጣ። ለፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ ለሁለቱ መኪና 2,000 ያዝኩ። አልጋ 2,500 ነው ያሉን፤ አራት ክፍል በሦስት ሌሊት 30,000። ምግብ በሰው በቀን 1,000፣ ጠቅላላ 28,000። ሲደመር 74,300፣ ለሰባት ሲካፈል 10,600 ገደማ።

11,000 አዋጡ ብዬ ግሩፓችን ላይ ልለጥፍ ስል እጄ ተያዘ። ባለፈው ዓመት ላንጋኖ ስንሄድ 4,000 ተብሎ 7,000 ነው የወጣው፤ የዚያን ጊዜው ገንዘብ ያዥ እስከ ዛሬ ይታማል። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ።

አትጨነቁ
ምንም አልተሳሳትሽም እህቴ። ኪሎ ሜትሩን በሊትር ማካፈል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የነዳጅ ዋጋ ደግሞ በመንግሥት የተተመነ ስለሆነ አዲስ አበባም አርባ ምንጭም ያው ነው። 11,000 ሰብስቢና ጉዞ።

የመንገድ ልጅ
የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት መተመኑ እውነት ነው፤ ያው ነው ማለቱ ግን አይደለም። ተመኑ ለየከተማው ነው የሚወጣው፣ የማጓጓዣው ስለሚታሰብበት ራቅ ሲል ከፍ ይላል። ልዩነቱ ለእናንተ ጉዞ ያን ያህል አይደለምና እሱን ተዉት።

እኔ 18 ዓመት ቱሪስት ይዤ ደቡብ ተመላልሻለሁ። ልጄ፣ ያንቺ ሒሳብ ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ብቻ አይደለም፣ አደራደሩም ላይ ነው። ሁሉን ደምረሽ ለሰባት አካፈልሽ። እኛ ጋ ሦስት ቦታ ነው የሚከፈለው፦ በመኪና የሚቆጠር አለ፣ በክፍል የሚቆጠር አለ፣ በአፍ የሚቆጠር አለ። ነዳጅና የፈጣን መንገድ ክፍያ በመኪና ነው፤ ውስጡ ሁለት ሰው ይኑር አምስት፣ ያው ነው። አልጋ በክፍል ነው። በአፍ የሚቆጠረው ምግብ ብቻ ነው። ለይተሽ ካልጻፍሽው አንድ ሰው ማክሰኞ ማታ «አልመጣም» ሲልሽ ምን ያህል እንደጎደለብሽ አታውቂም። አንድ ሰው ደግሞ የማይቀርበት ጉዞ እስከ ዛሬ አላየሁም።

አሁን ወደ ነዳጁ። 985 የምትይው ከከተማ ከተማ ነው። ሐዋሳ ከሆቴል ወደ አሞራ ገደል፣ ማታ ራት ፍለጋ፣ አርባ ምንጭ ከላይ ሰፈር ወደ ታች ሰፈር፣ ከዚያ ወደ ጫሞ ጀልባ፣ ዶርዜ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄን ሁሉ ካርታው አያውቀውም። እኔ 1,120 እይዛለሁ።

በሊትር 18 የሚለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኤሲ ዘግቶ ቀስ ብሎ ሲነዳ ነው። አራት ሰው፣ አራት ሻንጣ፣ የባቱ ሙቀት፣ ኤሲ በርቶ… ቪትዝ 14 ከሄደች አመስግኚ። 1,120 ለ14 ሲካፈል ለአንድ መኪና 80 ሊትር ነው፣ ለሁለቱ 160። ባንቺው ዋጋ 20,800 ብር። ገና ከነዳጁ ብቻ 6,500 ጎደለብሽ።

የሚያስደስትሽን ደግሞ ልንገርሽ። ፈጣን መንገዱን ደርሶ መልስ ይዘሻል፤ ስትመለሱ ግን በቡታጅራ ነው ብለሻል፣ በዚያ በኩል ክፍያ የለም። ከቱሉ ዲምቱ ገብታችሁ ሞጆ፣ ከሞጆ በአዲሱ መንገድ ባቱ። ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ በሄዳችሁበት ርቀትና በመኪናው መጠን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ 2,000 ያልሽው 1,000 ይበቃዋል።

ገንዘብ ያዧ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በመኪና፣ በክፍል፣ በአፍ የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በሊትር 14 መሆኑን ሳንሄድ ማወቅ እንችላለን? አንደኛው ባለመኪና «የኔዋ 18 ናት» ብሎ ሊምል ነው።

የመንገድ ልጅ
ይማል፣ ግን ይሞክራት። ማደያ ሄዶ ጢም አድርጎ ያስሞላ፣ መቅጃው ጠቅ ሲል ያቁም፣ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ ያድርግ። ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ይሂድና እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ጋ እንደገና ጢም ያስደርግ። የሄደውን ለገባው ሊትር ያካፍል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየውን አትመኑ፤ ግማሽ ታንክ ያለውን መርፌ አይቶ የሚገምት ሰው ደግሞ ጨርሶ አትመኑት፣ መርፌው ላይኛው ግማሽ ላይ ይሰንፋል፣ ታችኛው ግማሽ ላይ ይሮጣል።

ሰላም ከቨርጂኒያ
እኛ እዚህ ለጁላይ 4 ሰሞን ለኳሱ ውድድር በመኪና ስንሄድ እንዲሁ ነው የምንጣላው። በማይልና በጋሎን ስለሆነ ቁጥሩ አይጠቅማችሁም፤ ግን የቶሉን ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ቦታ ቆሞ የሚያስከፍል ሰው የለም፤ ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳና ከሳምንታት በኋላ ቢሉ በፖስታ ለባለመኪናው ይመጣል። ያኔ ጓደኛ የለም፣ መዋጮ የለም። ባለፈው ዓመት የተከራየሁት መኪና ላይ ደግሞ ድርጅቱ ከቶሉ ሌላ በየቀኑ የአገልግሎት ብሎ ጨመረብኝ። ሁሉም ሒሳቡን ዘግቶ ከተበታተነ በኋላ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ድርሻ ላይ 20 ዶላር አስቀርቼ ከወር በኋላ ነው የምመልሰው። እናንተ ጋ ከስልክ ላይ ስለሚከፈል የተሻለ ነው መሰለኝ።

ሒሳብ ወዳድ
የመንገድ ልጅ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ ስትሄድ ቁልቁለት ነው፣ ስትመለስ ዳገት ነው፣ ነዳጁን እጥፍ ይበላል» ይላል። እጥፍ አይበላም። የተጫነች ቪትዝ 1,300 ኪሎ ገደማ ብትመዝን፣ 1,000 ሜትር ቀጥ ብላ ለመውጣት ሞተሩ የሚያባክነውን ጨምሮ አንድ ሊትር ተኩል ነው የሚያስፈልጋት። ከአርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ተነስታ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሆሳዕና ብትወጣ ከአንድ ሁለት ሊትር የዘለለ ልዩነት አታመጣም። ዶርዜም እንደዚያው።

ነዳጅ የሚበላው ፈጣን መንገዱ ነው። በ120 ስትነዳ ንፋሱ የሚገፋህ ኃይል በ90 ከምትነዳበት ጋር ሲወዳደር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። አንድ ሊትር ሞተር ላላት መኪና ይሄ ቀልድ አይደለም። አንዱ ባለመኪና 120 የሚሮጥ፣ አንዱ 90 የሚሄድ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አታስቢያቸው።

ኤክሴል ላይ ከሆነ የምትሠሪው ለእያንዳንዱ መኪና እንዲህ አድርጊው፤ B1 የካርታው ኪሎ ሜትር፣ B2 የከተማ ውስጡ፣ B3 በሊትር የሚሄደው፣ B4 የሊትሩ ዋጋ፦

```
=(B1+B2)/B3*B4
```

የመንገድ ልጅ
ወንድሜ ሒሳቡን አንተ ታውቃለህ፤ የሆሳዕናን መንገድ ግን የምወጣው እኔ ነኝ። ሁለተኛ ማርሽ ከጭነት መኪና ኋላ ተይዘህ ግማሽ ሰዓት ስትንፏቀቅ አንድ ሊትር ተኩል ነው አትለኝም። ይሁን፣ አንከራከርም፤ 14 ያልኩት ይሄን ሁሉ ይዞ ነው።

ሒሳብ ወዳድ
ከጭነት ኋላ የሚያዙት እኮ ዳገቱ አይደለም ጋሼ፣ ጭነቱ ነው 😀

ቪትዝ በዕዳ
ስለ ነዳጅ ብቻ ታወራላችሁ፤ ባለመኪናውስ? እኔ ባለፈው ዓመት ጓደኞቼን ይዤ ጎንደር ሄድኩ። ነዳጅ ተካፈልን፣ ጥሩ። ስንመለስ ዘይት መቀየሪያዬ ደረሰ፣ የፊት ጎማዬ አንደኛው አበጠ፣ ሾክ ኦብዘርቨሬ ጮኸ። አንድ ሰው «ስንት ፈጀህ?» ያለኝ የለም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ሰው 1,120 ሲሄድ ከአምስት አንዱን ለናንተ ሰጠ ማለት ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ባለመኪኖቹ ከነዳጅ ድርሻ ይውጡ፤ ነዳጁን አምስቱ ይክፈሉ።

አትጨነቁ
ወንድሜ ጓደኛ ነው ወይስ ሜትር ታክሲ?

ቪትዝ በዕዳ
ጎማው ሲያብጥ አንተ ነህ ጓደኛ የምትሆነኝ?

ቀበና ልጅ
እኛ ጋ ባለመኪናው ነዳጅ አይከፍልም፣ አልጋና ምግብ ግን ይከፍላል። መንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ ከጋራ ኪስ፣ ከቆየ የተበላ ጎማ ከራሱ። ይሄም ቢሆን «የቆየ ነው» «አይ አዲስ ነበር» እየተባለ ክርክሩ አያልቅም። ከመነሳታችሁ በፊት የአራቱንም ጎማና የተጠባባቂውን ፎቶ አንሱ፣ እኔ ከዚያ በላይ መላ አላገኘሁም።

ሠርግ አለብኝ
የመኪና ኪራይ ስለሆነ የሚወራው፣ ለሠርግ አጃቢ የሚሆን ንጹሕ ሚኒባስ ለአንድ ቀን በስንት ይገኛል? ከነሹፌሩ።

የመንገድ ልጅ
የሠርጉ ሌላ ነው ልጄ፣ ሌላ ክር ክፈት፣ እነግርሃለሁ። ግን አነሳኸውና ለገንዘብ ያዧም ይጠቅማታል። ሁለት ቪትዝ ከምታስነዱ አንድ ሚኒባስ ብትይዙ ብላችሁ አስባችኋል? የሚነግሯችሁን ዋጋ ስትሰሙ መጀመሪያ «ነዳጅ በማን?» በሉ። ሁለተኛ የሹፌሩ አልጋና ምግብ። ሦስተኛ በቀን ሲቆጠር የሚመለስበት ቀን ይታሰባል ወይ።

ገንዘብ ያዧ
አስበን ነበር። በቀን 7,000 ብር፣ ነዳጅ በእናንተ፣ ለሹፌሩ አልጋና ምግብ በቀን 1,000 ነው ያሉን። አሁን ባሳያችሁኝ መንገድ ሠራሁት። ናፍጣ በሊትር 9 ቢሄድ 125 ሊትር ገደማ፣ በ130 ብር 16,250። ኪራይ 28,000፣ ሹፌር 4,000፣ ፈጣን መንገድ ለአንድ መኪና 700 ያዝኩ። 48,950 መጣ። ሁለቱ ቪትዝ ግን ከነፈጣን መንገዱ 21,800 ናቸው። ልዩነቱ በሰው ወደ 3,900 ነው። በቪትዝ እንሂድ ተባለ። (የቪትዝ በዕዳን ጽሑፍ ሆን ብዬ ለባለመኪኖቹ አላሳየሁም።)

የመንገድ ልጅ
መልካም። ግን ሁለቱ ሹፌሮች ቅዳሜ ማታ አይጠጡ፣ እሑድ 440 ኪሎ ሜትር አለባቸው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ፣ ማታ መንገድ ላይ አትገኙ፤ ከብቱም ሰዉም መብራት የለውም።

የነዳጁን አቀዳድ ልንገርሽና ወደ አልጋው ልሂድ። የቪትዝ ታንክ 42 ሊትር ነው። ሐዋሳ ስትደርሱ ግማሽ ቢኖራችሁም ጢም አስደርጉ፣ አርባ ምንጭም ከመነሳታችሁ በፊት እንዲሁ። ከግማሽ በታች አትውረዱ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ማደያው ሰልፍ ይሆናል፣ አለዚያ «የለም» ይባላል፣ አለዚያ ነዳጁ ኖሮ ኔትወርክ አይኖርም፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ነዳጁም ጠፋ ማለት ነው። ያኔ ነው በሃይላንድ የሚሸጡት ልጆች የሚመጡት። ዋጋው ሌላ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅ። በጀትሽን የሚያፈርሰው ርቀቱ ሳይሆን ይቺ ናት።

አልጋ። 2,500 ሲሉሽ «ሁሉን ጨምሮ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ?

ገንዘብ ያዧ
«2,500 ነው» ነው ያሉኝ። ምን ይጨመራል?

የመንገድ ልጅ
ደረሰኝ የሚቆርጥ ሆቴል ከሆነ 10 ከመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ ደግሞ 15 ከመቶ ቫት። ሲደራረብ 26 ከመቶ ተኩል ነው፣ 25 አይደለም፤ ቫቱ ሰርቪሱንም ይቆጥረዋል። 2,500 የነበረው 3,162 ከ50 ይሆናል። በ12 አልጋ 37,950። አንቺ 30,000 ይዘሻል። አየሽ? አንድም ነገር ሳትጨምሩ 7,950 ብር። ደውለሽ «በመጨረሻ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?» በያቸው፤ «ሁሉን ጨምሮ» ካሉሽም ስሙን ጻፊ፣ በቴክስት እንዲልኩልሽ አድርጊ። ማታ ተረኛ ጠዋት ያናገረሽን አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ ቁርስ ለስንት ሰው ነው ብለሽ ጠይቂ። ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ወስዳችሁ ቁርስ ለአንድ ሰው ነው የሚሉ አሉ። ለሁለት ከሆነ ግን የሦስት ጠዋት ቁርስ ከምግብሽ ላይ ቀንሺ፣ አሁን ሁለት ጊዜ ቆጥረሽዋል።

ሦስተኛ፣ የምትሄዱበትን ቀን እዩት። ሐዋሳ ፍቼ ጫምባላላ ላይ ከገጠማችሁ አልጋ ራሱ አይገኝም፣ ዋጋውን ተዉት።

አትጨነቁ
አልጋ ቀድሞ መያዝ ለምን ያስፈልጋል? ደርሶ ዋጋ ሰብሮ መግባት ነው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሁሌ ቀንሼ ነው የማገኘው።

የመንገድ ልጅ
ለብቻህ ከሆንክ ልክ ነህ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። አራት ክፍል የሚፈልግ ሰው ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዋጋ አይሰብርም፣ ራሱ ይሰበራል።

ዓሣ በዓርብ
ምግቡ ላይ ዝም አላችሁ። በሰው በቀን 1,000 የሚለው አሠራሩ አያምረኝም። ሰባት ሰው ሰባት ምግብ አያዝም። አሞራ ገደል አንድ ትልቅ ዓሣ ጥብስ ለሁለት ይበቃል፣ ሾርባው ትርፍ ነው። ስለዚህ ምግብ በአፍ ሳይሆን በትሪ ነው የሚቆጠረው። ሐሙስ ጠዋት ከወጣችሁ ደግሞ መሐል ላይ ዓርብ አለ። ከሰባቱ ስንቱ ይጾማል? ሦስቱ ከጾሙ ትሪው ሁለት ይሆናል፤ አራቱ ክትፎ፣ ሦስቱ በያይነቱ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከተነሳ ደግሞ ሦስተኛ ትሪ ይመጣል 😂

ትልቁ ግን መጠጥ ነው። ከጋራ ኪስ መጠጥ አይከፈል። አንዷ ውሃ ጠጥታ፣ አንዱ ስድስት ቢራ ጠጥቶ እኩል ሲካፈሉ ያኔ ነው ሐሜት የሚወለደው።

ገንዘብ ያዧ
እውነት ነው፣ የላንጋኖው እሱ ነበር! መጠጥ በየግል ብያለሁ። ሦስታችን ዓርብ እንጾማለን።

አዲሱ ሒሳብ ይኸው፤ ስህተት ካለ ተናገሩ። በመኪና የሚቆጠረው ነዳጅ 20,800 እና ፈጣን መንገድ 1,000። በክፍል የሚቆጠረው 37,950፤ ደውዬ ጠየቅኩ፣ እውነትም «ሲደመር» አሉኝ፣ ቁርሱ ለሁለት ነው። በአፍ የሚቆጠረው ምግብ ከ28,000 ላይ የሦስት ጠዋት ቁርስ በሰው 250 ብዬ 5,250 ቀነስኩ፣ 22,750 ቀረ። ረስቼው የነበረ ደግሞ አለ፦ የጫሞ ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ዶርዜ ቆጮ በዳጣ፣ መኪና ጠባቂ ልጆች። ለሱ 7,000 ያዝኩ። ድምሩ 89,500፣ በሰው 12,786። በላዩ 10 ከመቶ መጠባበቂያ ስጨምር 14,064። 14,000 አዋጡ ብዬ ለጠፍኩ። ግሩፑ ጸጥ አለ።

ሒሳብ ወዳድ
ጥሩ ነው። ጀልባው በሰው ሳይሆን በጀልባ እንደሚከፈል አትርሺ፣ እሱም ከመኪናው ጎን ይጻፍ።

አሁን የመንገድ ልጅ ያሉትን እንፈትሽ፤ አንድ ሰው ቢቀርስ? ከወንዶቹ አንዱ ቢቀር ሦስት ወንድ ሦስት ሴት ትሆናላችሁ። መኪናው ያው ሁለት ነው፣ ስድስት ሰው በአንድ ቪትዝ አይገባም። ክፍሉም ያው አራት ነው፣ ሁለት ጎዶሎ። የሚቀንሰው የእሱ ምግብ 3,250 ብቻ ነው። 86,250 ለስድስት፣ በሰው 14,375። የያንዳንዳችሁ ድርሻ ወደ 1,600 ጨመረ።

ከሴቶቹ አንዷ ብትቀር ግን አራት ወንድ ሁለት ሴት፣ ክፍሉ ሦስት ይሆናል። ምግቧም ሦስት ሌሊት አልጋውም ይቀንሳል። 76,762 ከ50 ለስድስት፣ በሰው 12,794። ከሰባቱ ጋር ያለው ልዩነት 8 ብር ነው!

ቀበና ልጅ
ማለት ሴት ስትቀር ማንም አይጎዳም፣ ወንድ ሲቀር ሁሉም ይጎዳል? ይሄን ግሩፑ ላይ እንዳትለጥፊው።

ገንዘብ ያዧ
ለጥፌዋለሁ። ከወንዶቹ አንዱ «እንግዲያው እኔ አስፈላጊ ሰው ነኝ» ብሎ ሁለት ቀን ተኮፈሰብን። ከዚያ ደንብ አወጣን፦ እስከ ሰኞ የቀረ ሙሉ ይመለስለታል፤ ከሰኞ በኋላ የቀረ የምግቡ ብቻ ይመለስለታል፣ የመኪናና የክፍል ድርሻው ይቀራል። ራሱን አስፈላጊ ያደረገው ሰው ነው መጀመሪያ የፈረመው።

ቪትዝ በዕዳ
የባለመኪኖቹ ነገርስ?

ገንዘብ ያዧ
አልተስማማንም። አንዱ ባለመኪና እኩል እከፍላለሁ አለ፣ ሌላው ዝም አለ። ዝምታውን አልወደድኩትም።

ገንዘብ ያዧ
*(ከ11 ቀን በኋላ)*
በሰላም ሄደን በሰላም ተመለስን። የወጣውን ቁጥር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሁለቱንም መኪና ሐሙስ ሲነጋ አንድ ማደያ ጢም አስደረግን፣ በየመንገዱ የቀዳነውን ደረሰኙን ያዝን፣ እሑድ ማታ ተመልሰን እዚያው ጢም አስደረግን። የሄድነው 1,146 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያዋ ቪትዝ 78 ሊትር፣ በሊትር 14.7። ሁለተኛዋ 91 ሊትር፣ በሊትር 12.6። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ተከታትለን! ሁለተኛዋ ባለ 18ቷ ናት፣ የማለላት።

አልጋው እንዳለን ወጣ። ምግብ ከያዝነው ተረፈን፤ ዶርዜ ጠዋት የበላነው ቆጮ እስከ ማታ አላስራበንም። ጀልባው ግን ከያዝነው በላይ ነበር፣ ከመጠባበቂያው ጨመርን። ሶዶ ላይ የነዳጅ ሰልፉ የሁለት ሰዓት ነበር፣ ግን አርባ ምንጭ ሞልተን ስለነበር ትተነው ሄድን፤ ጋሼ ያንን ምክርዎን አልረሳውም። በመጨረሻ በሰው 1,150 ብር መልሼ ሰጠሁ። ገንዘብ የመለሰ ገንዘብ ያዥ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ አንዷ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። የሁለተኛዋ መኪና 13 ሊትር ትርፍ የበላችው ለምንድን ነው? ባለቤቷ አራት ሰው ስለጫንኩ ነው ይላል፤ የመጀመሪያዋ ሦስት ነበር የጫነችው። የተጫኑት ደግሞ በፈጣን መንገዱ ላይ 130 ሲነዳ አይተናል ይላሉ።

ሒሳብ ወዳድ
አንድ ሰው 13 ሊትር አይበላም። እግሩ ነው። ወይም ጎማው ንፋስ አንሶታል፤ ሲነሱ የተለካ ነበር?

የመንገድ ልጅ
እግሩም ነው፣ የታፈነ ኤር ክሊነርም ሊሆን ይችላል። ፍሬኗ የያዘ ከሆነም እንዲሁ ትበላለች። ጎማው መሐል ያለውን ብረት ከረዥም መንገድ በኋላ በእጁ ይንካው፤ አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ ካቃጠለው እሱ ጋ ፍሬን ይዟል። ነገ ጠዋት ያሳይ።

ገንዘብ ያዧ
እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ። የ13 ሊትሩን ሒሳብ ግን ማን ይክፈል?

ቪትዝ በዕዳ
ለጊዜው ማንም አይክፈል። ፍሬኑን የሚያስጠግንበትን ስንት እንደሆነ ስትሰሙ ነው ያ ክርክር የሚጀመረው።